መኪናው ተሸጠ፤ ኢንሹራንሱስ?

መኪናውን የሸጠ ሰው ውልና ማስረጃ ፈርሞ ቁልፉን ካስረከበ በኋላ ጉዳዩን ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዓመት አረቦን የተከፈለበት ሙሉ ኢንሹራንስ ግን ገና በስሙ ነው። ውሉ ኩባንያው ሳያውቅ ለገዢው አይተላለፍም፤ ለሻጩም ከእንግዲህ የሚጠብቅለት ንብረት የለም። በቀሩት ወራት ያልተሠራበትን ገንዘብ ለማስመለስ አንድ ገጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ከመስከረም 1 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 18,250 ብር ከፍሏል እንበል። በቀን 50 ብር ማለት ነው። ታኅሣሥ 28 ቀን መኪናውን ሸጦ ደብዳቤውን ወዲያው ያስገባል፦

«ጉዳዩ፦ የመድን ውል ስለማቋረጥና ቀሪ አረቦን ስለማስመለስ

በፖሊሲ ቁጥር … ዋስትና የተገባለትን የሰሌዳ ቁጥር … የሆነ ተሽከርካሪዬን ታኅሣሥ 28 ቀን የሸጥኩ በመሆኑ፣ ውሉ ከጥር 1 ቀን ጀምሮ እንዲቋረጥልኝና ያልተጠቀምኩበት አረቦን እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ የውል ዘመን የካሳ ጥያቄ አላቀረብኩም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ያለ ምክንያት አልገባችም። በተለመዱት ውሎች በዘመኑ ካሳ የጠየቀ ሰው ተመላሽ አያገኝም።

እስከ ጥር 1 ድረስ 120 ቀን አልፏል፤ 245 ቀን ይቀራል። በቀን ሒሳብ ቢሠራ ተመላሹ 12,250 ብር ይሆናል። ብዙዎች ቅር የሚሰኙት እዚህ ላይ ነው። በቀን የሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ ውሉን ያቋረጠው ራሱ ኩባንያው ሲሆን ነው። ደንበኛው ሲያቋርጥ «የአጭር ጊዜ ተመን» የሚባል ሠንጠረዥ ይሠራበታል፤ ይህም ለጥቂት ወራት ከቀኑ ድርሻ ከፍ ያለ ክፍያ ያስቀራል። ሠንጠረዡ ለአራት ወር 60 በመቶ የሚል ከሆነ ኩባንያው 10,950 ብር ይዞ 7,300 ብር ይመልሳል። ስለዚህ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት በፖሊሲው ውስጥ ስለ ውል ማቋረጥ የሚናገረውን አንቀጽ ማንበብ ይገባል። ተመላሹ አነስተኛ ከሆነ ኩባንያው ተስማምቶ ውሉን ወደ ገዢው ስም እንዲያዞረውና ሻጩ ቀሪውን ከገዢው እንዲቀበል መነጋገር ይሻላል።

ከደብዳቤው ጋር የሽያጭ ውሉ ኮፒ፣ ዋናው ፖሊሲና የመድን ምስክር ወረቀቱ ይያያዛሉ። በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው ስቲከርም ሊጠየቅ ይችላል፤ ስቲከሩ መንገድ ላይ እስካለ ድረስ መኪናው ዋስትና ያለው ይመስላልና። ገዢው የራሱን ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ገዝቶ ሲመጣ ርክክቡ ላይ አሮጌውን ልጦ መውሰድ ኋላ ገዢውን ከመፈለግ ያድናል።

ሒሳቡ የሚጀምረው ኩባንያው ማመልከቻው ከደረሰው ቀን ሊሆን ስለሚችል፣ ለአንድ ወር ኪስ ውስጥ የቆየ ደብዳቤ በቀን ሒሳብ 1,500 ብር ያስከፍላል። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዞ መዝገብ ቤት መሄድ፣ በአንዱ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስመትቶ ማስቀረት ነው። ቀኑ ሲያከራክር የሚቀርበው ያ ወረቀት ነው።