የወለል ሴራሚክ ቆጠራ፦ የመቶኛ ጭማሪ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

ለአንድ ክፍል ወለል የሚያስፈልገውን ሴራሚክ ለማስላት የተለመደው መንገድ የክፍሉን ስፋት በአንድ ሴራሚክ ስፋት አካፍሎ፣ ለቀጥታ አነጣጠፍ 10 በመቶ፣ ለሰያፍ አነጣጠፍ ደግሞ 15 በመቶ መጨመር ነው። ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ጭማሪው ከየት እንደሚመጣ አያሳይም። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ቆቃ ቤት ሠርቶ ሴራሚኩን ከአዳማ ለሚያስጭን ሰው ይህ ጉድለት ዋጋ ያስከፍላል። ጥቂት ሴራሚክ ቢያንሰው ለሁለተኛ ጊዜ መጓዝ ግድ ይሆንበታል። በሌላ ጊዜ የተመረተ ሴራሚክ ደግሞ ስሙና ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ በቀለም ድምቀት ወይም በሚሊሜትር ልዩነት ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ስንት በመቶ ይጨመር የሚለው ሳይሆን፣ በግድግዳው ዳር የሚቆረጠው ምን ያህል ነው፣ ቁራጩስ የት ይውላል የሚለው ነው።

ለማሳያ ርዝመቱ 3.80 ሜትር፣ ወርዱ 3.30 ሜትር የሆነ መኝታ ክፍል ይወሰድ። ሴራሚኩ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሴራሚኮቹ መካከል የ3 ሚሊ ሜትር፣ በየግድግዳው ሥር የ5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ዞኮሎው ከዚያው ሴራሚክ የሚወጣ ሲሆን ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። የበሩ 90 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ ዙሪያው 13.30 ሜትር ስለሚሆን 34 የዞኮሎ ቁራጮች ያስፈልጋሉ። ወለሉ በስፋት ብቻ ሲሰላ 12.54 ካሬ ሜትር ለ0.16 ተካፍሎ 79 ሴራሚክ ይሰጣል። ይህ ቁጥር ግን ቁራጭ ሁሉ ያለ ብክነት ቦታ ያገኛል ብሎ የሚነሣ ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ ከአንድ ማዕዘን ሙሉ ሴራሚክ ይዞ መጀመር ነው። በርዝመቱ 9፣ በወርዱ 8 ሙሉ ሴራሚክ ይገባል፤ ይህም 72 ይሆናል። በርዝመቱ መጨረሻ 16.3 ሴንቲ ሜትር፣ በወርዱ መጨረሻ ደግሞ 6.6 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኘው በፋብሪካ በተስተካከለው ጠርዝ፣ ወደ ግድግዳው የሚዞረው ደግሞ በተቆረጠው ጠርዝ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ከአንድ ሴራሚክ፣ ቁራጩ የቱንም ያህል ቀጭን ቢሆን፣ ከሁለቱ ተቃራኒ ዳሮች ሁለት ብቻ ይወጣሉ። ለስምንቱ ሰፋፊ ቁራጮች 4፣ ለዘጠኙ ቀጫጭንና ለማዕዘኑ ደግሞ 5 ሴራሚክ ያስፈልጋል። ወለሉ በ81 ይሸፈናል ማለት ነው። የተረፉት መካከለኛ ክፍሎች ሁለቱም ረጃጅም ዳራቸው የተቆረጠ ስለሆነ፣ የላይኛው ጠርዙ ለሚታየው ዞኮሎ አይሆኑም። ዞኮሎው ራሱን ችሎ 17 ሴራሚክ ሲጠይቅ ድምሩ 98 ይደርሳል። የ6.6 ሴንቲ ሜትሩ ረድፍም ሲቆረጥ በቀላሉ የሚሰበር፣ ግድግዳው ትንሽ ከተዛባ ደግሞ ጉድለቱን አጉልቶ የሚያሳይ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ንጣፉን ከመሀል ማመጣጠን ነው። በርዝመቱ 8 ሙሉ ሴራሚክ ተነጥፎ በሁለቱም ጫፍ 28.15 ሴንቲ ሜትር፣ በወርዱ 7 ሙሉ ተነጥፎ በሁለቱም ጫፍ 23.3 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይገባል። የዳሩ ቁራጭ ሁሉ ከግማሽ ሴራሚክ ስለሚበልጥ አንዱ ሴራሚክ ሁለት ቁራጭ አይሰጥም፤ ስለዚህ 10 በ9 ተባዝቶ 90 ሴራሚክ ይጠይቃል። ለወለሉ ብቻ ሲታይ ይህ አባካኝ ይመስላል። ነገር ግን በዙሪያው ያሉት 34 ሴራሚኮች ሲቆረጡ እያንዳንዳቸው 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 11.85 ወይም 16.7 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው፣ አንድ ዳሩ የፋብሪካ የሆነ ትራፊ ይሰጣሉ። ከእያንዳንዱ ትራፊ አንድ ዞኮሎ ስለሚወጣ የሚያስፈልጉት 34 ዞኮሎዎች ከእነርሱ ይሟላሉ። ወለልና ዞኮሎ በአንድነት በ90 ያልቃሉ ማለት ነው። በወለል ቆጠራ የበለጠው አማራጭ በጠቅላላው በ8 ሴራሚክ ያነሰ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው ሰያፍ አነጣጠፍ ነው። ሴራሚኩ 45 ዲግሪ ሲዞር ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርቀት ክፍተቱን ጨምሮ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአንዱ ሴራሚክ መሀል በክፍሉ መሀል ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ሲሳል ወለሉን የሚነኩት ሴራሚኮች 97 ናቸው። ከእነዚህ ሙሉ ሆነው የሚቀሩት 49 ብቻ ሲሆኑ 48ቱ ይቆረጣሉ። ከተቆረጡት ውስጥ 22ቱ ትንሽ ጫፍ ብቻ የሚቀነስባቸው በመሆናቸው እያንዳንዳቸው አንድ ሴራሚክ ይፈጃሉ። የቀሩት 26 ግን ከግማሽ የሚያንሱ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ናቸው፤ ከአንድ ሴራሚክ ተቃራኒ ማዕዘኖች ሁለት ሁለት ስለሚወጡ በ13 ሴራሚክ ይሟላሉ። ሠራተኛው እንዲህ ከቆረጠ 84፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን አዲስ ሴራሚክ ካነሣ ግን 97 ያስፈልጋል። በስፋቱ ላይ 15 በመቶ መጨመር 91 ስለሚሰጥ ለመጀመሪያው ይተርፋል፣ ለሁለተኛው አይበቃም። የሰያፍ ትራፊ 40 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ዞኮሎ ስለማይወጣው በሁለቱም መንገድ 17 ሴራሚክ ለብቻው ይጨመራል፤ ድምሩም 101 ወይም 114 ይሆናል።

መቶኛው የሚሳሳትበት ሌላው ምክንያት የክፍሉ መጠን ነው። ቁራጩ የሚበዛው በዙሪያው ልክ እንጂ በስፋቱ ልክ አይደለም። ትራፊ መልሶ ካልዋለ፣ ለሰያፍ አነጣጠፍ የሚያስፈልገው ጭማሪ በአማካይ የሚገመተው የርዝመትና የወርድ ድምር በሴራሚኩ የማዕዘን ርቀት ተባዝቶ ለክፍሉ ስፋት ሲካፈል ነው። በዚህ ክፍል ውጤቱ 32 በመቶ ይሆናል። ርዝመቱም ወርዱም በእጥፍ ቢያድግ ወደ 16 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ 15 በመቶ ለሰፊ ክፍል የሚቀርብ፣ ለጠባብ ክፍል ግን ትራፊን መልሶ በመጠቀም ብቻ የሚበቃ ግምት ነው።

ይህ ሁሉ ቆጠራ የሚጸናው ክፍሉ ቀጥተኛ ማዕዘን ካለው ነው። ማረጋገጫው ከማዕዘን ወደ ተቃራኒ ማዕዘን መለካት ነው፤ በዚህ ክፍል ሁለቱም ልኬቶች 503 ሴንቲ ሜትር መሆን አለባቸው። ልዩነት ካለ የዳሩ ቁራጭ በአንድ ጫፍ እየሰፋ በሌላው እየጠበበ ይሄዳል። በሁለተኛው አማራጭ የ11.85 ሴንቲ ሜትሩ ትራፊ ከዞኮሎው የሚበልጠው በ1.85 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ግድግዳው ከዚያ በላይ ከተዛባ በዚያ ወገን ያለው ትራፊ ለዞኮሎ አይበቃም፣ የ90ው ድምርም አይሠራም። ከካርቶኑ ሴራሚክ አውጥቶ መለካትም ያስፈልጋል፤ የታተመው 40 ሆኖ ትክክለኛው ልክ በሚሊሜትሮች ቢለይ፣ በአሥር ሴራሚክ ሲባዛ የዳሩን ቁራጭ ይለውጣል።

በመጨረሻ ለስብራት የሚያዘው መጠን ከቁራጩ ጭማሪ ተለይቶ ይታከላል። ለሁለተኛው አማራጭ 4 ቢያዝ 94 ይሆናል፤ ካርቶኑ 10 የሚይዝ ከሆነ 10 ካርቶን ይገዛል። ለሰያፉ 5 ሲታከል 106 ደርሶ 11 ካርቶን ይጠይቃል፤ ይህም ሠራተኛው ሦስት ማዕዘኖቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ለመቁረጥ አስቀድሞ ከተስማማ ነው። ካልተስማማ 12 ካርቶን ያስፈልጋል። ካርቶኖቹ ሁሉ ተመሳሳይ የምርት ምልክት እንዳላቸው ከመጫናቸው በፊት ይታያል፤ የሚተርፉት ሴራሚኮችም ለኋላ ጥገና ከነካርቶናቸው ይቀመጣሉ።