የማንም ያልሆነ ትዝታ

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ የግል ወግ ብዙውን ጊዜ የሚያስታውቀው በስሕተቱ ሳይሆን በጎደለው ነገር ነው። ዐረፍተ ነገሩ የተቃና፣ ስሜቱም ያማረ ይሆናል፤ ነገሩን የኖረ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ግን አይገኝበትም። ስለ አያት ቡና እንዲጽፍ የታዘዘ ማሽን እንዲህ ያለ አንቀጽ ያወጣል፦

«በአያቴ ቤት የቡናው መዓዛ ግቢውን ሲያውደው ጎረቤቶች ይሰበሰቡ ነበር። እነዚያ ጊዜያት ፍቅርንና አብሮነትን አስተማሩኝ፤ ዛሬም ሳስታውሳቸው ልቤ በደስታ ይሞላል።»

ሐሰት ነው የሚባል ቃል የለበትም። ግን የትኛዋ አያት? የትኞቹ ጎረቤቶች? መቶ ሰው ስሙን ቢጽፍበት ለመቶውም ይሆናል። የኖረው ሰው ግን እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«አያቴ ጎረቤት ቡና ጥራ ብላ ስትልከኝ የእትዬ አበበችን በር እንዳልፈው ታስጠነቅቀኝ ነበር። በአጥር ተኳርፈዋል። አንድ ቀን ረስቼ ጠራኋቸው፤ መጡ። አያቴ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱንም ቀዳችላቸው፤ ማታ ግን እኔን አላናገረችኝም።»

እዚህ ውስጥ ፍቅርም አብሮነትም የሚል ቃል የለም። አንባቢው ግን የአያቲቱን ኩራትም፣ እንግዳ አለመመለሷንም፣ የልጁንም ድንጋጤ ያገኛቸዋል።

ልዩነቱ የሚመጣው ማሽኑ ከሚሠራበት መንገድ ነው። ከተማረው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ ይመጣል ተብሎ የሚገመተውን ቃል እያከታተለ ይጽፋል። ከ«አያት» እና ከ«ቡና» ጎን መዓዛና ፍቅር አይታጡም፤ የአጥር ኩርፊያ ግን ብርቅ ነው። የራሱ ትዝታ ስለሌለው፣ ያዘዘው ሰው ካልነገረው በቀር የሚጽፈው የብዙዎችን አማካይ ነው።

«ዝርዝር ጨምር» ቢባል ይጨምራል፤ ጠርዙ የተሸረፈ ስኒ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። እነዚህን ለመለየት አውጥቶ ማየት ይረዳል። የተሸረፈው ስኒ ቢወጣ ታሪኩ ምንም አይሆንም፤ የአጥሩ ጠብ ቢወጣ ግን ታሪክ የሚባል ነገር አይቀርም።

ይህ ምልክት እንጂ ማስረጃ አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ትምህርት ቤት የለመደውን ድርሰት የሚደግም ተማሪም፣ ቤተሰቡን ላለማጋለጥ የሚጠነቀቅ ሰውም እንዲሁ ደብዛዛ ይጽፋል። ሶፍትዌርም አያስተማምንም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መለያ ፕሮግራሞች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተፈታኞች ከጻፏቸው ድርሰቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የማሽን ናቸው ብለዋቸዋል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይም የራሱን መለያ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በትክክለኛነቱ ማነስ አንሥቶታል።

ስለዚህ የተጠራጠረ መምህር ከመፍረዱ በፊት ጸሐፊውን ቢጠይቅ ይሻላል፦ «እትዬ አበበች ሲገቡ የት ተቀመጡ?» የኖረበት ሰው ይመልሳል፤ ባያስታውስ እንኳ ያልተጠየቀውን ሌላ ነገር ማንሣቱ አይቀርም።