የማደሪያ ሂሳብ፦ በስልክ የሚገዛው «ወርቅ» ገንዘባችንን እንዴት ይበላል?



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ከአንዲት እናት በደረሰን ጥያቄ ላይ እንነጋገራለን። የእኚህ እናት ልጅ ዱባይ ነው የሚሠራው። ከሥራ ሲመለስ በእጅ ስልኩ ወርቅ እንደሚገዛና እንደሚሸጥ ነግሯቸዋል። «እስላማዊ ሂሳብ ነው፣ ወለድ የለበትም፤ ያጠራቀምሽውን ላኪልኝና ላባዛልሽ» ብሏቸዋል። እናቲቱም የጠየቁን በአጭሩ ነው፦ «ለመሆኑ ወርቁ የት ነው የሚቀመጠው?»

ጥያቄው የነገሩን ሥር የነካ ነው። ወርቁ የትም አይቀመጥም፤ የተገዛ ወርቅ የለምና። በእነዚህ ድርጅቶች ዘንድ በብዛት የሚሸጠው ሲኤፍዲ የሚባለው፣ በአማርኛ «የዋጋ ልዩነት ውል» ልንለው የምንችለው ነገር ነው። ደንበኛውና ድርጅቱ በወርቅ፣ በነዳጅ፣ በአክሲዮን ወይም በገንዘብ ምንዛሪ ዋጋ ላይ ይዋዋላሉ። ውሉ ሲዘጋ ዋጋው ደንበኛው ወዳለው አቅጣጫ ከሄደ ድርጅቱ ልዩነቱን ይከፍለዋል፤ በተቃራኒው ከሄደ ደንበኛው ይከፍላል። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ብዙውን ጊዜም በውሉ ማዶ የቆመው ሌላ ነጋዴ ሳይሆን ራሱ ድርጅቱ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ልጁ 1,000 ዶላር አለው እንበል። በዚህ ገንዘብ የ20,000 ዶላር ወርቅ ውል መክፈት ይችላል። ይህ ሌቨሬጅ ይባላል። የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተራ ደንበኛ በወርቅ ላይ የፈቀዱት ጣሪያ ይኸው 20 እጥፍ ነው፤ ከአውሮፓ ውጭ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። 1,000ው ዶላር የወርቅ ዋጋ ሳይሆን መያዣ ነው።

ውሉ በተከፈተበት ቀን ከተዘጋ የማደሪያ ሂሳብ የለበትም። ሌሊቱን ካደረ ግን ድርጅቱ «ገንዘብ አበድሬሃለሁና» ብሎ ያስከፍላል። ይህን ክፍያ ስዋፕ ይሉታል። መጠኑም በገበያው የወለድ መጠን ላይ ድርጅቱ የራሱን ጭማሪ አክሎበት የሚወጣ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ አለ፦ ክፍያው የሚሰላው በመያዣው በ1,000 ዶላር ላይ ሳይሆን በጠቅላላው በ20,000 ዶላር ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል ክፍያው በዓመት 6 በመቶ ነው እንበል። ከ20,000 ዶላር 6 በመቶው 1,200 ዶላር ነው። ለ365 ሌሊት ሲካፈል በሌሊት 3 ዶላር ከ29 ሳንቲም ይሆናል። ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ የሻይ ዋጋ ይመስላል። በ30 ሌሊት ግን ወደ 99 ዶላር ይደርሳል፤ ከመያዣው አንድ አሥረኛ ሄደ ማለት ነው። የወርቅ ዋጋ ዓመቱን ሙሉ ባለበት ቢቆም ክፍያው ብቻውን ከተቀመጠው ገንዘብ ይበልጣል። «6 በመቶ» የተባለው በልጁ ገንዘብ ላይ ሲታይ 120 በመቶ ነው።

በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ረቡዕ ሌሊት ክፍያው ሦስት እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ገበያው ቅዳሜና እሑድ ስለሚዘጋ የሁለቱን ቀናት ክፍያ በዚያች ሌሊት ደምረው ስለሚወስዱት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሐሙስ ጠዋት ሂሳቡ ጎድሎ ሲያገኘው ይደነግጣል።

ታሪኩን እንቀጥል። በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት 10 ዶላር ወሰደ እንበል። ከአንድ ወር በኋላ በልጁ ሂሳብ የቀረው 891 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ወርቅ 2 በመቶ ወረደ። የ20,000 ዶላር 2 በመቶ 400 ዶላር ነው። ቀሪው ወደ 491 ዶላር ወረደ። በአውሮፓው ደንብ መሠረት የሂሳቡ ቀሪ ከሚያስፈልገው መያዣ ግማሽ በታች ሲወርድ ውሉ በግዴታ ይዘጋል። ግማሹ 500 ነበር፤ ስለዚህ ተዘጋ። በሳምንቱ ወርቅ ወደ ነበረበት ዋጋ ተመለሰ፤ ልጁ ግን በገበያው ውስጥ የለም። ያው 1,000 ዶላር አውጥተው ወርቅ ገዝተው በሣጥን ያስቀመጡ እናት ከገዢና ከሻጭ ዋጋ ልዩነት በቀር የጎደለባቸው የለም። ልጃቸው ግን የገንዘቡን ግማሽ አጥቷል።

ልብ በሉ፤ የማደሪያው ክፍያ ባይኖር ኖሮ 2 በመቶ ቅናሽ ውሉን አያዘጋውም ነበር። ቀሪው 590 ዶላር ይሆን ነበር። ማደሪያው ገንዘብ ከመውሰዱ ሌላ ሰውየው የሚታገሥበትን ስፍራ ሌሊት በሌሊት ያጠብበታል።

«እንግዲያው ሳላሳድር በየቀኑ እዘጋለሁ» የሚል ይኖራል። ከማደሪያው ይድናል፤ ነገር ግን በከፈተ ቁጥር 10 ዶላሩን ይከፍላል። መቶ ጊዜ ከከፈተና ከዘጋ ያስቀመጠውን ያህል ከፈለ ማለት ነው።

ስለዚህ የአብዛኛው ደንበኛ መክሰር የዕውቀት ማነስ ብቻ ውጤት አይደለም። የአውሮፓው የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤስማ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከተራ ደንበኞች ሂሳብ ከ74 እስከ 89 በመቶው እንደሚከስር ገልጿል። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ያሉ ድርጅቶች ከደንበኞቻቸው ስንት በመቶው እንደሚከስር በማስታወቂያቸው ላይ እንዲጽፉ ተገደዋል። በአሜሪካ ደግሞ ይህ ውል ለተራ ደንበኛ አይፈቀድም።

«እስላማዊ ሂሳብ» የተባለውስ? በዚህ ሂሳብ ስዋፕ የሚለው ስም ይነሳል። ይሁንና አንዳንዶቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ «የአስተዳደር ክፍያ» ይጀምራሉ፤ ሌሎቹ የመግዣና የመሸጫውን ልዩነት ያሰፋሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ክፍያው በሌሊቶቹ ቁጥርና በውሉ ትልቅነት ልክ የሚያድግ ከሆነ፣ ስሙ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በስልኩ ላይ የወርቁን ዝርዝር ከፍቶ Swap long እና Swap short የሚሉትን መስመሮች፣ ቀጥሎም የአስተዳደር ክፍያውን ሰንጠረዥ ማየት ይቻላል።

በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. ባካሄደው ጉባኤ በመያዣና በብድር የሚደረገውን ይህን ዓይነት ንግድ እንደማይፈቀድ ወስኗል። ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የማደሪያ ክፍያ ሪባ መሆኑ ነው። ስዋፑ ቢነሳ እንኳ የእናቲቱ ጥያቄ እንዳለ ይቀራል። ወርቅ በገንዘብ ሲገዛ እዚያው በእጅ መረካከብ ግድ ነው፤ እዚህ ግን የሚረከቡት ነገር የለም።

እናታችን ሆይ፣ ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ልጅዎን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ወርቁን በእጄ ልረከበው እችላለሁ ወይ? ሠላሳ ሌሊት ቢያድር ስንት ይቆረጣል? ስንት በመቶ ቢወርድ ይዘጋብኛል? የመጀመሪያው መልስ «አይቻልም» ከሆነ ወደ ቀሩት ሁለቱ መሄድም አያስፈልግዎትም።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።