የሚሟሟና የማይሟሟ አሰር

አሰር (ፋይበር) በእህል፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ የሚገኝ፣ የሰው ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችል የምግብ ክፍል ነው። በውሃ ውስጥ በሚያሳየው ጠባይ የሚሟሟና የማይሟሟ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። አብዛኛው እህል ሁለቱንም ይይዛል፤ የሚለያየው መጠናቸው ነው።

የማይሟሟ አሰር

ይህ ዓይነቱ አሰር በብዛት የሚገኘው በእህል ገለፈት ውስጥ ነው። በደቡብ ጎንደር፣ በወረታ ዙሪያ ባለው የፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሩዙ ሲፈተግ ነጩ ፍሬ ለሰው ይቀራል፣ ፍሩሽካው ለከብት መኖ ይሄዳል። በዚህም 100 ግራም ነጭ ሩዝ 1 ግራም ገደማ አሰር ብቻ ይቀረዋል፤ ፍሩሽካው ያልተነሳለት ግን ከ3 ግራም በላይ ይይዛል። በአካባቢው ሩዝን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ መጋገር የተለመደ ነው። ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሳ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ፣ የነጭ ሩዙ ድርሻ በጨመረ ቁጥር የእንጀራው አሰር ይቀንሳል።

የማይሟሟ አሰርን የአንጀት ባክቴሪያዎች ብዙም አይመገቡትም። ዓይነ ምድርን ያበዛል፣ ጉዞውን ያፋጥናል፣ የሆድ ድርቀትንም ይከላከላል። በኮሌስትሮል ላይ ያለው ውጤት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የሚሟሟ አሰር

ገብስ፣ አጃ፣ ተልባና አብሽ የሚሟሟ አሰር አላቸው። ተልባ ወይም አብሽ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው የሚያዝለገልግ ነገር ራሱ አሰሩ ነው። ኮሌስትሮልን የሚቀንሰውም ይኸው መወፈሩ ነው።

ጉበት ከኮሌስትሮል የሐሞት አሲድ ይሠራል። አሲዱ ስብን ለመፍጨት ወደ አንጀት ከፈሰሰ በኋላ 95 በመቶ ያህሉ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ተመጥጦ ወደ ጉበት ይመለሳል። የወፈረው አሰር የተወሰነውን ይዞ ከዓይነ ምድር ጋር ያስወጣዋል። ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል።

የገብስና የአጃ የሚሟሟ አሰር ቤታ ግሉካን ይባላል። በቀን 3 ግራም ያህሉ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል (ኤልዲኤል) በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ገብሱ 4 በመቶ ቤታ ግሉካን ቢኖረው፣ ይህን ለማግኘት 75 ግራም ያልተፈተገ የገብስ ዱቄት ያስፈልጋል። ቅናሹ መጠነኛ በመሆኑ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አይተካም። አዘገጃጀቱም ለውጥ ያመጣል። ሊጥ ሲቦካ የእህሉ ኢንዛይሞች ቤታ ግሉካኑን ስለሚቆራርጡት ውፍረቱ ይቀንሳል፤ እንደ በሶ ገብሱ አስቀድሞ ሲቆላ ግን ሙቀቱ ኢንዛይሞቹን ያከሽፋል።

መሟሟት ብቻውን አይበቃም። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ኢኑሊን በውሃ ይሟሟል፤ ነገር ግን ስለማይወፍር በኮሌስትሮል ላይ ያለው ውጤት አነስተኛ ነው። ለባክቴሪያዎች ግን ጥሩ ምግብ ነው። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ኢኑሊንንም ቤታ ግሉካንንም አብላልተው አጫጭር የስብ አሲዶችን ያመርታሉ። ከእነዚህ አንዱ ቡቲሬት የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና የኃይል ምንጭ ነው። መብላላቱ ጋዝም ስለሚፈጥር፣ አሰር በአንድ ጊዜ ሲበዛ ሆድ ይነፋል፤ መጠኑን ቀስ በቀስ መጨመርና ውሃ መጠጣት ይህን ያቀልለዋል።