የመብራት ቢል ላይ ስህተት የሚገኘው የት ነው?

በድህረ ክፍያ ቆጣሪ የሚጠቀም ቤተሰብ የመብራት ቢሉ ድንገት ሲንር ብዙውን ጊዜ የሚያየው የመጨረሻውን ድምር ብቻ ነው። ድምሩ ግን ስህተቱን አይናገርም። ስህተቱ ያለው ከሱ በላይ ባሉት መስመሮች ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ምንጩ የቆጣሪው ንባብ ነው።

ከንባቡ በፊት የሚታየው የቆጣሪው ቁጥር ነው። ቢሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቆጣሪው ራሱ ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆን አለበት። በአንድ ግቢ ብዙ ቆጣሪ ጎን ለጎን ሲተከል የአንዱ ንባብ በሌላው ስም ሊመዘገብ ይችላል። በዚሁ አጋጣሚ የታሪፍ ምድቡም ይታያል፤ መኖሪያ ቤት በንግድ ምድብ ተመዝግቦ ከሆነ ንባቡ ትክክል ቢሆንም ሒሳቡ የተሳሳተ ነው።

ቀጥሎ የቀድሞና የአሁን ንባብ የሚሉት ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ፤ ልዩነታቸው በኪሎ ዋት ሰዓት የሚቆጠረው የወሩ ፍጆታ ነው። የዚህ ወር የቀድሞ ንባብ ካለፈው ወር ቢል የአሁን ንባብ ጋር መግጠም አለበት። ከዚያ የቢሉ የአሁን ንባብ ከቆጣሪው ጋር ይመሳከራል። ቆጣሪ ወደፊት እንጂ ወደኋላ ስለማይቆጥር ዛሬ የሚያሳየው ቁጥር ቢሉ ላይ ካለው ሊያንስ አይችልም። ካነሰ ንባቡ በግምት ተሞልቷል፣ ወይም በስህተት ተጽፏል ማለት ነው። ሳህኑ በሚሽከረከር አሮጌ ቆጣሪ ላይ በቀይ የተለየው የመጨረሻ አሃዝ ነጥብ በኋላ ያለው ክፍልፋይ ስለሆነ አይነበብም፤ አብሮ ከተነበበ ቁጥሩ በአሥር እጥፍ ያድጋል።

ለምሳሌ በወር 150 ገደማ የሚጠቀም አንድ ቤት የደረሰው ቢል የቀድሞ ንባብ 8,412፣ የአሁን ንባብ 8,862፣ ፍጆታ 450 ይላል እንበል። ንባቡ ተወሰደ ከተባለበት ቀን አሥር ቀን በኋላ ቆጣሪው ሲታይ ገና 8,620 ላይ ነው። ቤቱ በቀን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚጠቀም የአሥሩ ቀን 50 ሲቀነስ በንባቡ ዕለት ቆጣሪው 8,570 አካባቢ ነበር። የወሩ ትክክለኛ ፍጆታ 158 ገደማ ነው፤ የተቀረው 292 ያልተበላ መብራት ነው።

ንባቡ ትክክል ሆኖም ሒሳቡ ሊዛባ ይችላል። ቆጣሪው ለወራት ሳይነበብ ቆይቶ ፍጆታው በአንድ ቢል ሲጠቃለል ይህ ያጋጥማል፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ውዱ እርከን ይወጣልና። ለስሌት ያህል የመጀመሪያው 100 ኪሎ ዋት ሰዓት በ1 ብር፣ ቀጣዩ 100 በ2 ብር፣ ከዚያ በላይ ያለው በ4 ብር ቢታሰብ፣ በየወሩ 150 የተጠቀመ ቤት ለሦስት ወር 600 ብር ይከፍላል። ያው 450 እንደ አንድ ወር ከተቆጠረ ግን 1,300 ብር ይሆናል። ስለዚህ ቢሉ የሚሸፍነው ጊዜ መታየት አለበት፤ ከአንድ ወር ከበለጠ ፍጆታው ለየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላ መጠየቅ ይገባል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ በየሩብ ዓመቱ ስለሚሻሻል ስሌቱ ሲፈተሽ በዚያ ወር የሚሠራው ታሪፍ መያዝ አለበት።

ከፍጆታው ሒሳብ በታች የአገልግሎት ክፍያ፣ ታክስ፣ ውዝፍና ቅጣት ይከተላሉ። እዚህ በተለይ መመርመር ያለበት ውዝፉ ነው፤ የተከፈለ ወር ሳይወራረድ ቀርቶ እንደገና ሊመጣ ስለሚችል ከክፍያ ደረሰኝ ጋር ይነጻጸራል።

ሁሉም ገጥሞ ፍጆታው አሁንም ከበዛ የቤቱ ዕቃ ይታሰባል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በሳምንት አንዴ ቢጋገር በወር 28 ገደማ ነው። ዋናው ብሬከር ወርዶ ቆጣሪው መቁጠሩን ካላቆመ ደግሞ ወይ ቆጣሪው ተበላሽቷል፣ ወይ ከብሬከሩ በፊት ሌላ መስመር ተቀጥሏል። ገመዱን መንካት የባለሙያ ሥራ ነው።

አቤቱታ የሚቀርበው በአገልግሎት ማዕከሉ ነው። የቆጣሪው ቁጥርና ንባቡ አብረው የሚታዩበት ቀን ያለው ፎቶ፣ ያለፉት ወራት ቢሎችና ደረሰኞች ይያዛሉ። ብዙ ተከፍሎ ከተገኘ ብልጫው በሚቀጥለው ቢል ላይ መቀነሱ፣ ንባቡም ከተስተካከለው ቁጥር መጀመሩ ይረጋገጣል።