ስምንት ካርቦን ይዞ «ፔንቴን» የተባለው ውህድ

ቤንዚን ሞተር ውስጥ ሲጨመቅ ያለጊዜው መቀጣጠልን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚታወቀው በኦክቴን ቁጥሩ ነው። በዚህ መለኪያ 100 የተሰጠው ውህድ በተለምዶ አይሶኦክቴን ይባላል። ኬሚስቶች ግን 2,2,4-ትራይሜቲልፔንቴን ብለው ይጽፉታል። ኦክቴን የስምንት ካርቦን፣ ፔንቴን ደግሞ የአምስት ካርቦን መጠሪያ ነው። ታዲያ ስምንት ካርቦን ያለው ውህድ በአምስት የተጠራው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ሥዕሉ ላይ ይታያል። ኬሚስቶች እንዲህ ያለውን ሞሌኪውል የሚስሉት በተሰበረ መስመር ነው፤ እያንዳንዱ ጫፍና እያንዳንዱ መታጠፊያ አንድ ካርቦን ሲሆን ሃይድሮጅኖቹ አይጻፉም። አይሶኦክቴን ላይ ሳይቋረጥ የሚሄደው ረጅሙ ሰንሰለት ከየትም ተነስተው ቢቆጥሩት ከአምስት አይበልጥም። የቀሩት ሦስቱ ሜቲል የሚባሉ ባለ አንድ ካርቦን ቅርንጫፎች ናቸው።

ቀጥሎ ቁጥር መስጠት ነው። ከአንዱ ጫፍ ሲቆጠር ቅርንጫፎቹ 2፣ 2 እና 4 ላይ ይውላሉ፤ ከሌላው ጫፍ ደግሞ 2፣ 4 እና 4 ላይ። ሁለቱ ረድፎች መጀመሪያ የሚለያዩት ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው፤ እዚያ 2 ከ4 ስለሚያንስ የመጀመሪያው አቆጣጠር ይመረጣል።

ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ደምረው ትንሹን ድምር ይመርጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ስለሚገጥም ስህተቱ ሳይታይ ይቆያል። አሥር ካርቦን ባለው ሰንሰለት ላይ ግን ሦስት ሜቲሎች ከአንድ ጫፍ 2፣ 7፣ 8 ከሌላው 3፣ 4፣ 9 ቢሆኑ ድምሩ 17 እና 16 ይመጣል። ትክክለኛው ስም ግን 2,7,8-ትራይሜቲልዴኬን ነው፤ 2 ከ3 ያንሳልና። ደንቡ ድምርን ጨርሶ አያውቅም።

ከዚህ የባሰው ስህተት ሰንሰለቱን ሲመርጡ የሚፈጠረው ነው። ዓይን አግድም የተሰመረውን ይከተላል፤ ረጅሙ ሰንሰለት ግን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊታጠፍ ይችላል። አግድም አምስት ካርቦን ተስሎ ከሁለተኛው ላይ ባለ ሁለት ካርቦን ቅርንጫፍ፣ ማለትም ኤቲል፣ ወደ ላይ ቢወጣ 2-ኤቲልፔንቴን ለማለት ያስቸኩላል። ከኤቲሉ ጫፍ ተነስቶ ለቆጠረ ግን ሰንሰለቱ ስድስት ነው፤ ስሙም 3-ሜቲልሄክሴን ይሆናል።

እንዲህ ያለው ስህተት ከስሙ ራሱ ይታወቃል። በቀላል አልኬን ስም ውስጥ 1-ሜቲል ወይም 2-ኤቲል ካዩ ረጅሙ ሰንሰለት ሌላ ቦታ አለና ተመልሰው ይቁጠሩ። የካርቦኑን ብዛት ብቻ ማመሳከር ግን አያዋጣም፤ የተሳሳተውም ትክክለኛውም ስም ሰባት ካርቦን ነው የሚሰጠው።