የሌክቸር ቅጂን ወደ ጥናት ማስታወሻ መለወጥ

የሌክቸር ቅጂን ወደ ጥናት ማስታወሻ መለወጥ ማለት በድምፅ የተቀዳ ትምህርት በጽሑፍ ከተገለበጠ በኋላ ጽሑፉን አጽድቶ፣ ቁልፍ ቃላትንና ለፈተና ሊመጡ የሚችሉ ነጥቦችን ለይቶ ማዘጋጀት ነው።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም ማብራሪያው ብዙ ጊዜ ከአማርኛ ጋር ይቀላቀላል። ከቡራዩ አዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚማር ተማሪ ስልክ ውስጥ ደግሞ የክፍል ጓደኞቹ አፋን ኦሮሞም ሊቀዳ ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊስፐር የተባለ ነፃ የግልበጣ ፕሮግራም ቋንቋው ካልተነገረው የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ሰምቶ ቋንቋውን ይገምታል፤ ቀሪውንም በዚያው ግምት ይቀጥላል። ስለዚህ መምህሩ ሰላምታውን በአማርኛ ከጀመረ እንግሊዝኛው ትምህርት ሊበላሽ ይችላል። ቋንቋውንና የዕለቱን ቃላት አስቀድሞ መስጠት ይረዳል፤ የቃላቱ ዝርዝር ግን በዋናነት የሚሠራው ለቅጂው መጀመሪያ ነው።

```
whisper lecture.mp3 --language en --initial_prompt "deadlock, hold and wait, no preemption"
```

ለምሳሌ ትምህርቱ ስለ ዴድሎክ ነው እንበል። ዴድሎክ ፕሮሰሶች አንዱ የሌላውን ሀብት እየጠበቁ ሁሉም የሚቆሙበት ሁኔታ ሲሆን እንዲፈጠር አራት ቅድመ ሁኔታዎች አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ከአራቱ አንዱ «ኖ ፕሪኤምፕሽን» ነው፤ ትርጉሙም ፕሮሰሱ የያዘውን ሀብት በግድ መንጠቅ አይቻልም ማለት ነው። ግልበጣው «ዴድ ሎግ» ብሎ ቢጽፍ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። «ኖ» የምትለው አጭር ቃል ብትዘለል ግን የቀረው ዓረፍተ ነገር ምንም አይጎድለውም፤ ትርጉሙ ብቻ ይገለበጣል። ጽሑፉ ሲያጥር የሚጠፉት «ካልሆነ በቀር» እና «ብቻ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው።

በዚህ ምክንያት «እ...»፣ ድግግሞሽና የስም ጥሪ ከመሰረዛቸው በፊት በየአንቀጹ ጎን ደቂቃው ይጻፋል። አፍራሽ ቃል፣ ቁጥር ወይም ትርጓሜ ባለበት ቦታ ሁሉ ወደዚያ ደቂቃ ተመልሶ ድምፁን ማዳመጥ ያስፈልጋል። የአማርኛው ማብራሪያ በእንግሊዝኛው ግልበጣ ውስጥ ስለማይገኝ ወይም ትርጉም አልባ ሆኖ ስለሚወጣ በእጅ ይጨመራል። ብዙ ጊዜ ጥሩው ምሳሌ ያለውም እዚያ ነው። ሰሌዳ ላይ የተሳለው ሥዕል ደግሞ ከድምፅ አይገኝም፤ «ይሄ ቀስት ወደዚህ ሲመጣ» የሚል መስመር ከጓደኛ ደብተር ጋር ካልተያያዘ ዋጋ የለውም።

የፈተና ነጥብ የሚለየው በድግግሞሽ ብዛት ብቻ አይደለም፤ መምህሩ የሚደጋግመው ወደኋላ የተቀመጠው ስላልሰማም ሊሆን ይችላል። «ይሄን ያዙ» ማለቱ፣ ሁለት ነገሮችን ማነጻጸሩና ነጥቡ በኮርስ አውትላይን ላይ መኖሩ አብረው ይታያሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ምርጫ በመሆኑ ቁልፍ ቃሉን ከሚምታታበት ቃል ጋር መጻፍ ይጠቅማል። በስታርቬሽን አንድ ፕሮሰስ ተራ ሳይደርሰው ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ በዴድሎክ ግን እርስ በርስ ከሚጠባበቁት አንዱም አይንቀሳቀስም።